በእግር ገብቶ በአንጀት የሚከትመው ደም መጣጭ
የመንጠቆ ትል ጉዞና የሕፃናት የደም ማነስ

አንድ ሕፃን ሳይቆስል፣ ደም ሲፈሰውም ማንም ሳያይ፣ ከወር ወደ ወር ደሙ እየቀነሰ ሊሄድ ይችላልን? ጥያቄው እንቆቅልሽ ቢመስልም መልሱ «አዎን» ነው። ምክንያቱም በቀጭኑ አንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቀው በየቀኑ ጥቂት ጠብታ ደም የሚወስዱ ትሎች አሉ። እነዚህ ትሎች ሁክዎርም ወይም የመንጠቆ ትል በመባል ይታወቃሉ። ስያሜያቸው የመጣው የፊተኛው የአካላቸው ጫፍ እንደ መንጠቆ ቆልመም ያለ በመሆኑ ነው። ርዝመታቸው ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ውፍረታቸው ከስፌት ክር አይበልጥም።

ሰውን በብዛት የሚያጠቁት ሁለት ዝርያዎች ናቸው። አንደኛው ኔካቶር አሜሪካነስ፣ ሁለተኛው አንኪሎስቶማ ዱዎዴናሌ ይባላል። በአገራችን የትኛው ዝርያ የት እንደሚገኝ ለማወቅ ፕሮፌሰር ሽብሩ ተድላና ለይኩን ጀማነህ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጎጃምና በጎንደር ተማሪዎች ላይ ጥናት አካሂደዋል። በኢትዮጵያ በይበልጥ ተስፋፍቶ የሚገኘው ኔካቶር ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው በዋናነት የእርሱን ጉዞ ይሆናል። ጉዞው ከአፈር ይጀምራል፤ በእግር ቆዳ፣ በልብና በሳንባ በኩል አልፎ በአንጀት ይጠናቀቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የደም ማነስ ደግሞ በቀላል ሒሳብ ሊሰላ የሚችል ነው።

ትሉና የቦሌ አፈር

የመንጠቆ ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ሲወጣ ገና ማንንም ሊያጠቃ አይችልም። በመጀመሪያ እርጥብ፣ ጥላማና ሞቃት አፈር ማግኘት አለበት። ሁኔታው ከተመቸው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ተፈልፍሎ ትንሽ እጭ ይወጣል። እጩ በአፈሩ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች እየበላ ያድጋል፣ ሁለት ጊዜም ቆዳውን ይለውጣል፤ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ሰውን ለማጥቃት ዝግጁ ወደሆነው ሦስተኛ ደረጃ ይደርሳል። በዚህ ደረጃ ላይ አፉ ዝግ ስለሆነ መብላት አይችልም። የሚኖረው ቀድሞ ባጠራቀመው ስብ ነውና ስንቁ ሳያልቅ ሰው ማግኘት ይኖርበታል። አፈሩ እርጥብና ጥላማ ከሆነ ሦስትና አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ፀሐይ የመታው ደረቅ አፈር ላይ ግን ፈጥኖ ይሞታል።

ከዚህ በመነሣት ስለ ቦሌና ስለ ምሥራቅ አዲስ አበባ ምን ማለት ይቻላል? የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ይገኛል። የኔካቶር እጭ በጣም የሚስማማው ሙቀት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ሲሆን የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት ግን ወደ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የከተማዋ ብርድ በራሱ አንድ መከላከያ ነው። አስፋልቱና ኮብልስቶኑም ሌላ መከላከያ ነው፤ እጩ የሚያድግበት አፈር አይሰጠውምና። የመንጠቆ ትል በጅማ አካባቢና በሌሎች ሞቃትና እርጥብ የአገራችን ክፍሎች ከአዲስ አበባ ይልቅ የሚበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ «በከተማ የለም» ማለት አይደለም። በመጀመሪያ፣ በትልቁ አቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳርቻዎች ለአሥርተ ዓመታት ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን በመስኖ ሲለማ ቆይቷል። ወንዞቹ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚቀላቀልባቸው በመሆናቸው በቅጠል ጥላ ሥር ያለ እርጥብ የመስኖ ቦይ በባዶ እግሩ ለሚሠራ ገበሬም ሆነ ምሳ ይዞ ለሚሄድ ልጁ አደጋ ይኖረዋል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኔካቶር በሰው አንጀት ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል። በመሆኑም ከቆላማ አካባቢ ወደ ቦሌ የመጣ፣ ወይም ክረምቱን ከዘመዶቹ ዘንድ ገጠር አሳልፎ የተመለሰ ልጅ ትሉን ይዞት ሊመጣ ይችላል። በሽታው የተገኘበት ቦታና በሽታው የተያዘበት ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ቦሌ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ «አሁን የት ትኖራለህ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ባለፉት ዓመታት የት ነበርክ?» ብሎም መጠየቅ የሚኖርበት ለዚህ ነው።

በቆዳ በኩል የሚደረግ ሰርጎ መግባት

እጩ በቆዳ በኩል እንደሚገባ የታወቀው በአጋጣሚ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በካይሮ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሳይንቲስት አርቱር ሎስ እጮች ያሉበት ውኃ ለሙከራ እንስሳት ሲሰጥ ጠብታ እጁ ላይ ይወድቅበታል። ብዙም ሳይቆይ ቦታው ቀላና አሳከከው። በቆዳው ላይ የቀረውን ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሲመለከተው እጮቹ ጥለውት የሄዱትን ባዶ ሽፋን አገኘ። ከሳምንታት በኋላም የራሱን ዓይነ ምድር ሲመረምር የመንጠቆ ትል እንቁላል ተገኘበት። ያን ጊዜ የብዙዎች እምነት ትሉ በአፍ ብቻ ይገባል የሚል ስለነበር ግኝቱን አምኖ መቀበል ጊዜ ወስዷል።

ዛሬ ስለ ሂደቱ የምናውቀው ከዚያ ይልቃል። በአፈር ውስጥ ያለው እጭ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን፣ ከእርጥብ አፈር ቅንጣት ወይም ከሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ ይጠባበቃል። የሰውን እግር የሚለየው በሙቀቱ፣ በእንቅስቃሴው ንዝረትና በቆዳ ላይ ባሉ ቅባቶች አማካይነት ነው። እግር ሲያገኝ እንደ ልብስ ተጎናጽፎት የነበረውን አሮጌ ቆዳ ይጥላል፤ ከዚያም በፀጉር ሥር ቀዳዳዎች ወይም በጣቶች መካከል ባለው ስስ ቆዳ በኩል ዘልቆ ይገባል። በዚህ ጊዜ የቆዳን ፕሮቲን የሚያሟሙ ኢንዛይሞችን ያመነጫል። ስለዚህ ቆዳው ቁስል ሊኖረው አያስፈልግም፤ ጤናማ ቆዳም ይበቃዋል።

ሰውነት ይህን ወረራ የሚያውቀው በማሳከክ ነው። በጣቶች መካከል ወይም በእግር ጎን ትንንሽ ቀያይ ሽፍታዎች ይወጣሉ፤ በጥቂት ቀናትም ይጠፋሉ። ብዙ ወላጆች ትንኝ ነደፈው ወይም ሣር አሳከከው ብለው ያልፉታል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። እጅ መታጠብ ለወስፋት ዋነኛ መከላከያ ቢሆንም ኔካቶርን ግን አያግደውም። የኔካቶር መግቢያ እግር ነውና መከላከያው ጫማና መጸዳጃ ቤት ነው።

በልብና በሳንባ በኩል

ከቆዳው ሥር የደረሰው እጭ ወደ ቀጫጭን የደም ሥሮችና ወደ ሊምፍ ቱቦዎች ይገባል። ከዚያ በኋላ መንገዱን የሚመራው እርሱ ሳይሆን የደም ዝውውር ነው። ከእግር የሚመለሰው ደም በደም መልስ አማካይነት ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ይደርሳል፤ ቀኙ የልብ ክፍል ደግሞ ደሙን ወደ ሳንባ ይገፋዋል። በሳንባ ያሉት የደም ሥሮች በጣም ጠባብ በመሆናቸው እጩ በዚያ ይያዛል። ስለዚህ የሳንባ ጉዞ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከእግር የተነሣ ማንኛውም በደም የሚጓዝ ትንሽ ነገር መጀመሪያ የሚያገኘው ወንፊት ሳንባ ነው።

እጩ በዚያ የደም ሥሩን ስስ ግድግዳ ሰብሮ ወደ አየር ከረጢት ይወጣል። የአየር ቧንቧዎች ውስጣዊ ገጽ አቧራንና አክታን ወደ ላይ በሚጠርጉ ፀጉር መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። እጩም በዚህ መንገድ ወደ ጉሮሮ ይደርሳል፤ ልጁም ሳያውቀው ከምራቁ ጋር ይውጠዋል። ሳንባን ለማጽዳት የተሠራው ሥርዓት እጩን ወደ ሚፈልገው አንጀት የሚያደርስ ማጓጓዣ ሆኖ ያገለግለዋል ማለት ነው።

በዚህ ወቅት ደረቅ ሳል፣ የጉሮሮ መቆርቆር ወይም ትንፋሽ ማፏጨት ሊታይ ይችላል። በደም ምርመራም ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር ከፍ ብሎ ይገኛል። ነገር ግን በዚህ ጊዜ የሚደረግ የዓይነ ምድር ምርመራ ምንም አያሳይም። ትሉ አንጀት ደርሶ፣ አድጎና ተራክቦ እንቁላል መጣል የሚጀምረው እጩ ቆዳ ከበሳ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሳምንት በኋላ ነውና። ከሳሉ ጋር የሚደረግ ምርመራ «ትል የለም» ቢል፣ ገና ጊዜው አልደረሰም ማለት ሊሆን ይችላል።

በአንጀት ግድግዳ ላይ

ኔካቶር በአፉ ውስጥ ሁለት የሚቆርጡ ሰሌዳዎች አሉት፤ አንኪሎስቶማ ደግሞ ጥርስ አለው። ትሉ ከአንጀት ግድግዳ ጥቂት ሥጋ ወደ አፉ ስቦ ይነክሳል፤ ከዚያም ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ሲሰበሩ የሚፈሰውን ደም ይመጣል። ደም በቁስል ላይ መርጋቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ትሉ ግን መርጋትን የሚከለክሉ ፕሮቲኖችን ያመነጫል። በየጥቂት ሰዓቱም ቦታ ይለውጣል። ትቶት የሄደው ቁስልም ወዲያው ስለማይረጋ ለተወሰነ ጊዜ መድማቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የደሙ ብክነት ትሉ ከሚጠጣው በላይ ነው።

አንድ ኔካቶር በቀን የሚያስወጣው ደም ወደ 0.03 ሚሊ ሊትር ይገመታል። አንኪሎስቶማ ከዚህ አምስት እጥፍ ወይም ከዚያም በላይ ያስወጣል። ደሙ ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ በረጅሙ አንጀት ስለሚያልፍ ዓይነ ምድሩ አይቀላም። ቤተሰቡ የሚያየው ደም የለም።

የአንድ ልጅ የብረት ሒሳብ

ጉዳቱን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ክብደቱ 25 ኪሎ ግራም የሆነ የስምንት ዓመት ልጅ ነው እንበል። በሰውነቱ ውስጥ ወደ 1,900 ሚሊ ሊትር ደም አለ። የሄሞግሎቢኑ መጠን በዴሲ ሊትር 13 ግራም ነው፤ ይህም መልካም ነው። በአንጀቱ 60 ኔካቶሮች ይኖራሉ እንበል። በቀን የሚያጣው ደም 60 በ0.03 ሲባዛ 1.8 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ይህ ምን ይጎዳዋል?

የሚጎዳው ከደሙ ጋር ብረት ስለሚሄድ ነው። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን 3.4 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይዟል። በመሆኑም በ1.8 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይኖራል። ደሙ የፈሰሰው ከአንጀቱ መጀመሪያ ክፍል በመሆኑ ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን አንጀት መልሶ ይመጣል፤ ጥቂቱ ተመልሶለት የተጣራው ኪሳራ በቀን 0.5 ሚሊ ግራም ነው ብለን እንውሰድ።

አሁን ገቢውን እንመልከት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ለዕድገቱና ለተለመደው ብክነት በቀን ወደ 0.8 ሚሊ ግራም ብረት ወደ ደሙ መግባት አለበት፤ ከምግቡ የሚያገኘውም ይህንኑ ያህል ነው እንበል። ጤፍ ብረት የበዛበት እህል መሆኑ ይነገራል። ሆኖም ከዚያ ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ሲሆን፣ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ውህድም ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። የእንጀራው ሊጥ መቡካት ፋይቴቱን ይቀንሰዋል፤ ዳቦን በሻይ መብላት ደግሞ በሻዩ ታኒን ምክንያት የብረቱን መመጠጥ ያዳክማል። ስለዚህ በሳህኑ ላይ ያለው ብረትና በደሙ ውስጥ የሚገባው ብረት በጣም ይለያያሉ።

ሰውነት ጉድለቱን ሲያውቅ ከምግብ ብረት የመምጠጥ ችሎታውን ይጨምራል። በዚህ መንገድ 0.2 ሚሊ ግራም ያህል ቢያካክስ በየቀኑ 0.3 ሚሊ ግራም ይጎድለዋል። በወር 9 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በጉበቱና በመቅኔው የተጠራቀመው ብረት 150 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ ይህ ቁጠባ ለአሥራ ስድስት ወራት ያህል ይቆያል። በእነዚህ ወራት ሁሉ ሄሞግሎቢኑ ሲለካ ደኅና ነው። ልጁ ይሮጣል፣ ይማራል፤ ከውስጥ ግን ጎተራው እየተራቆተ ነው። በዚህ ጊዜ እውነቱን የሚናገረው የተጠራቀመ ብረትን የሚያመለክተው ፌሪቲን የተባለው ምርመራ ብቻ ነው።

ጎተራው ባዶ ከሆነ በኋላ የደም ማነሱ ይጀምራል። መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳትን መሥራቱን አያቆምም፤ ብረት ስለሚያጥረው ግን ያነሱና የገረጡ ሕዋሳትን ያወጣል። ጉድለቱ በዚሁ ከቀጠለ በአንድ ዓመት ውስጥ ሄሞግሎቢኑ ከ13 ወደ 11.5 አካባቢ ይወርዳል። ከአምስት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ላሉ ልጆች የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን 11.5 ነው። ነገር ግን ይህ ወሰን በባሕር ወለል ላይ ለሚኖሩ ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይፈልጋል። ለአዲስ አበባ ከፍታ ወሰኑ ከአንድ ግራም በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ «ጠርዝ ላይ ነው» የሚባለው ልጅ በቦሌ የደም ማነስ ያለበት ነው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ደሙ እየቀጠነ ሲሄድ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ የሚጠፋው ብረትም ይቀንሳል። በመጨረሻም ገቢና ወጪ ዝቅ ባለ ደረጃ ላይ ይመጣጠናሉ። ልጁ አይሞትም፤ በአነስተኛ ደም መኖርን ይለምዳል። የሚደክመው፣ በክፍል ውስጥ ሐሳቡን መሰብሰብ የሚያቅተው፣ ዳገት ሲወጣ ልቡ ቶሎ ቶሎ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዱ ልጅ አፈር መብላት ያምረዋል። ለውጡ ዝግ ያለ ስለሆነ ግን ብዙዎች «ሰነፍ ነው» ይሉታል እንጂ «ታሟል» አይሉትም።

ምርመራው የሚስትበት ቦታ

የትሉን ብዛት ለመገመት ካቶ ካትዝ የተባለው ዘዴ ይሠራበታል። 41.7 ሚሊ ግራም ዓይነ ምድር በመስታወት ላይ ይዘጋጅና የታዩት እንቁላሎች በ24 ይባዛሉ፤ ውጤቱ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው የእንቁላል ቁጥር ነው። ከ2,000 በታች ከሆነ ሕመሙ «ቀላል» ይባላል፤ 4,000 እና ከዚያ በላይ ከሆነ «ከባድ» ይባላል። የኛ ምሳሌ ልጅ ግማሾቹ ትሎች ሴቶች ቢሆኑና እያንዳንዷ በቀን 6,000 እንቁላል ብትጥል 180,000 ይሆናል። ይህ በ120 ግራም ዓይነ ምድር ውስጥ ሲከፋፈል በግራም 1,500 ይደርሳል። በደረጃው መሠረት ልጁ «ቀላል» ተብሎ ይመዘገባል። ቀላልነቱ ግን የትሉን ብዛት እንጂ የልጁን የብረት ቁጠባ አይገልጽም። ጥሩ በሚበላ ልጅ ላይ ቀላል የሆነው ቁጥር፣ ጎተራው ባዶ በሆነ ልጅ ላይ ቀላል አይሆንም።

ሌላም ስሕተት አለ። በካቶ ካትዝ ዝግጅት ውስጥ ያለው ግሊሰሪን የመንጠቆ ትልን ስስ እንቁላል እያጠራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከዓይን ይሰውረዋል። ባለሙያው መስታወቶቹን ከሰበሰበ በኋላ ከሰዓት በኋላ ልይ ቢል የወስፋትን እንቁላል በደንብ ያገኛል፤ የመንጠቆ ትልን ግን «የለም» ይላል። በተቃራኒው ናሙናው ሳይመረመር ከአንድ ቀን በላይ በሞቃት ቦታ ከቆየ እንቁላሎቹ ይፈለፈሉና እጩ ስትሮንጂሎይድስ ከተባለ ሌላ ትል ጋር ያሳስታል።

ትሉን ማስወገድና ደሙን መመለስ

በአገራችን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 ሥርጭቱ ከፍ ባለባቸው አካባቢዎች በትምህርት ቤቶች አማካይነት መድኃኒት ማደል የሚያስችል ብሔራዊ ዘመቻ ጀምሯል። በብዛት የሚታወቁት ሁለት መድኃኒቶች አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል ናቸው። በአንድ ጊዜ ለመንጠቆ ትል የሚሰጠው 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ከአሥር ሰዎች ወደ ስምንት የሚጠጉትን ያድናል፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ሜቤንዳዞል ግን ከሦስቱ አንዱን ያህል ብቻ ነው። ለወስፋት ሁለቱም ጥሩ ስለሆኑ ልዩነቱን አለማወቅ ያሳስታል፤ ልጁ «መድኃኒት ወስዷል» ቢባልም የመንጠቆ ትሉ ሊቀርበት ይችላል።

ትሉ ከጠፋም በኋላ ሒሳቡ አልተዘጋም። በየቀኑ የሚወጣው ብረት ይቆማል እንጂ የጎደለው አይመለስም። በምሳሌያችን የጎደለው 150 ሚሊ ግራም ቁጠባና በደሙ ውስጥ ያጣው 100 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ከምግብ ብቻ ለመሙላት ዓመታት ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ሐኪም የሚያዘው የብረት መድኃኒት ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ለሁለትና ለሦስት ወራት የሚቀጥለው፣ ጎተራው እንዲሞላ ነው። እንዲሁም ደም ያነሰው ልጅ ሁሉ ትል አለበት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር እስከ 59 ወር ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 57 ከመቶ ያህሉ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ምክንያቱ ግን ከምግብ እስከ ወባ ብዙ ነው። ትሉ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ እነዚያ ምክንያቶች ባራቆቱት ጎተራ ላይ የሚመጣ በመሆኑ ግን ጉዳቱ የበለጠ ይከብዳል።

በመጨረሻም መድኃኒቱ ልጁን ከአሁኖቹ ትሎች ይገላግለዋል እንጂ ከነገዎቹ አይጠብቀውም። ሰውነት ለዚህ ትል ጠንካራ የመከላከል አቅም አያዳብርምና፣ በዚያው እርጥብ ቦይ ዳር በባዶ እግሩ ቢቆም በጥቂት ወራት ውስጥ ሌሎች ትሎች ቦታውን ይይዛሉ። የጉዞው ሰንሰለት በሁለት ቦታ ብቻ በቀላሉ ይበጠሳል። አንደኛው እንቁላሉ አፈር እንዳይደርስ መጸዳጃ ቤት መጠቀም ነው፤ ሁለተኛው እጩ ቆዳ እንዳይደርስ ጫማ ማድረግ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጉዞ ሁሉ፣ በልብም ሆነ በሳንባ፣ ከእኛ ቁጥጥር ውጭ ነው።